ብሩ ገብቷል፣ ሥራው ግን ገና ነው

«ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። አዳማ ውስጥ አነስተኛ የፀጉር ሥራ ማሰልጠኛ አለኝ። መነሻውን ያዋጣው ዱባይ የሚሠራው ታላቅ ወንድሜ ነው፤ ትርፉን እኩል ልንካፈል ተስማምተናል። ግንቦት 1 ቀን 20 ሰልጣኞች ጀመሩ። ሥልጠናው ስድስት ወር ነው። እያንዳንዳቸው 30,000 ብር በአንዴ ከፈሉ፦ 1,200 የማይመለስ መመዝገቢያ፣ 24,000 ለሥልጠናው፣ 4,800 ለዕቃ። በሰኔ መጨረሻ ደግሞ ሐምሌ 15 ለሚጀምረው ክፍል 10 ሰዎች ሙሉውን ከፈሉ። አንድ ድርጅት የላካቸው ሌሎች 5 ሰልጣኞች ከጥር እስከ ሰኔ ሰልጥነው ጨርሰዋል፤ ድርጅቱ ለእያንዳንዳቸው 24,000 ብር የሚከፍለው ሐምሌ ላይ ነው። የስድስት ወር ኪራይ 180,000 ብር ግንቦት 1 ቀን ከፍያለሁ። ደመወዝ በወር 65,000 ነው፤ የሰኔው የሚከፈለው ሐምሌ 5 ነው። 30 ጥቅል ዕቃ በ96,000 ብር ገዝቻለሁ። ግንቦት 1 ቀን ባዶ የነበረው አካውንት ሰኔ 30 ላይ 559,000 ብር ይዟል። ወንድሜ እንካፈል ይላል። ሂሳብ ሠራተኛችን ግን ‹የሁለት ወር ትርፋችሁ 50,000 ብቻ ነው› አለችን። ደረሰኝ ቆርጠን የተቀበልነው ብር እንዴት የእኛ አይሆንም? ማነው ልክ?»

እህቴ፣ ሂሳብ ሠራተኛችሁ ልክ ናት። ወንድምሽም ቢሆን አልተሳሳተም ማለት ይቻላል፤ ያየው ብር በእርግጥ ባንክ ውስጥ አለ። ግን ሁለቱ የሚያወሩት ስለተለያየ ነገር ነው። ወንድምሽ የቆጠረው የገባና የወጣ ብር ነው። እሷ የቆጠረችው የተሠራውን ሥራና ያ ሥራ የጠየቀውን ወጪ ነው። የመጀመሪያውን የሂሳብ ሰዎች ካሽ ቤዝስ ይሉታል፣ ሁለተኛውን አክሩዋል ቤዝስ።

ለብዙ ሰው ካሽ ቤዝስ ይበቃዋል። ጀበና ቡና የምትሸጥ ሴት ሲኒውን ስትሰጥ ብሩን ትቀበላለች። ሥራውና ክፍያው የሚገናኙት በዚያችው ደቂቃ ስለሆነ፣ ማታ የቆጠረችው ብር ስለ ቀኑ ሥራ እውነቱን ይነግራታል። የአንቺ ሥራ ግን እንዲህ አይደለም። ሰው ዛሬ ከፍሎሽ ስድስት ወር ይማራል። ሌላው ስድስት ወር ተምሮ ከዚያ በኋላ ይከፍልሻል። ብሩና ሥራው በተለያዩ ቁጥር ካሽ ቤዝስ ያሳስታል። አንዳንዴ ሀብታም ያስመስልሻል፣ አንዳንዴ የከሰርሽ ያስመስልሻል።

እንግዲህ ትልቁ ጥያቄ ገቢ የሚገኘው መቼ ነው የሚለው ነው። መልሱ አጭር ነው። ገቢ የሚገኘው ቃል የገባሽውን ስትፈጽሚ ነው። ብር መቀበል ቃሉን አይፈጽምም። ደረሰኝ መቁረጥም አይፈጽመውም። ደረሰኝ የሚመሰክረው ብር መቀበልሽን ነው፤ ማስተማርሽን አይመሰክርም። አገራችን የተቀበለችው ዓለም አቀፍ የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃ፣ በተለይ የሂሳብ ሰዎች አይ ኤፍ አር ኤስ 15 የሚሉት፣ በብዙ ገጽ የሚዘረዝረው ይህንኑ ነው። በውሉ ውስጥ ምን ምን ቃል እንደገባሽ ለዪ፣ ዋጋውን ለየቃሉ አካፍይ፣ እያንዳንዱን ቃል ስትፈጽሚ ድርሻውን ገቢ በይ ነው የሚለው።

አሁን ያንን የ30,000 ብር ደረሰኝ በዚህ ዓይን እንየው። በአንድ ወረቀት ላይ ሦስት ነገር ነው ያለው።

ዕቃው ቀላሉ ነው። መቀሱን፣ ማበጠሪያውን፣ ፎኑን የመጀመሪያው ቀን ለሰልጣኟ ካስረከብሽ ቃልሽ በዚያ ቀን አልቋል። ዕቃው የእሷ ነው፤ ብትሸጠውም መብቷ ነው። ስለዚህ 4,800 ብሩ በዚያው ቀን ገቢ ነው። ለ20 ሰው 96,000 ብር ይሆናል።

የሥልጠናው 24,000 ብር በጊዜ የሚፈጸም ቃል ነው። ሰልጣኟ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ትቀበላለች። ስድስት ወሩ እኩል ከሆነ በየወሩ 4,000 ብር ይገኛል ማለት ነው። እዚህ ላይ የኛ አገር ሰው አንድ ነገር ይጠይቃል፦ ጳጉሜንስ? ከግንቦት 1 እስከ ጥቅምት 30 ስድስት ወር ተብሎ ቢቆጠርም፣ ጳጉሜን አምስት ቀን ስትሆን በቀን 185 ነው። በቀን ብታካፍዪው ለሁለቱ ወር የሚደርሰው ትንሽ ይቀንሳል። በወር ማካፈል ለአንቺ ሥራ በቂ ነው። ዋናው አንዱን መርጦ በዚያው መቆየት ነው።

ሦስተኛው መመዝገቢያው ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። «የማይመለስ» ስለሆነ ወዲያው የእኛ ነው የሚል ሐሳብ አለ። ስሜቱ ይገባኛል፤ ማንም መጥቶ አይወስድብሽም። ግን የማይመለስ መሆን አንድ ነገር ነው፣ የተሠራበት መሆን ሌላ ነገር ነው። ራስሽን ይህን ጠይቂ፦ ሰልጣኟ 1,200 ብር ከፍላ በዚያ ቀን ምን አገኘች? ስሟ መዝገብ ላይ ሰፈረ። ስሟ መስፈሩ ለአንቺ የቢሮ ሥራ ነው፤ ለእሷ ለብቻው ምንም አይጠቅማትም። የከፈለችው መማር ስለፈለገች ነው። ስለዚህ መመዝገቢያው የሥልጠናው ዋጋ አካል ነው፣ ከሥልጠናው ጋር አብሮ በስድስቱ ወር ይከፋፈላል። ሥልጠናው 24,000 ሳይሆን 25,200 ብር ነው ብለሽ ውሰጂው። በወር 4,200 ይመጣል። ለ20 ሰልጣኝ ለሁለት ወር 168,000 ብር ነው።

የሐምሌዎቹ 10 ሰዎች 300,000 ብር ከፍለዋል። ሰኔ 30 ላይ ከዚህ ውስጥ የተገኘ ገቢ ስንት ነው? ምንም። አንድ ቀን አልተማሩም፣ ዕቃም አልወሰዱም። 300,000ው በሙሉ የሰው አደራ ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ተቃራኒው እንሂድ። ድርጅቱ የላካቸው 5 ሰልጣኞች ሰኔ 30 ላይ ሥልጠናቸውን ጨርሰዋል። አንድ ብር አልከፈሉም። ቃልሽን ግን ፈጽመሻል። ውል ካለሽና ድርጅቱ ይከፍላል የሚል እምነት ካለሽ ገቢው ተገኝቷል። በየወሩ 20,000 ብር ከጥር ጀምሮ መመዝገብ ነበረበት፤ የግንቦትና የሰኔ ድርሻ 40,000 ነው። ወንድምሽ ባንኩን ብቻ ስላየ ይህን አላየውም። እንግዲህ አክሩዋል ሁልጊዜ ትርፍ ይቀንሳል ማለት አይደለም፤ ብሩ ያልገባ ቢሆን እንኳ የሠራሽውን ይቆጥርልሻል።

ሦስቱ ሲደመሩ የሁለቱ ወር ገቢ 304,000 ብር ነው። ባንክ የገባው ግን 900,000 ነበር።

ወጪውም በዚሁ ደንብ ይሄዳል። ብሩ የወጣበት ቀን ሳይሆን ጥቅሙ ያለቀበት ጊዜ ነው የሚታየው። ኪራዩን 180,000 ከፍለሻል፣ የኖርሽበት ግን ሁለት ወር ነው፤ 60,000። የሰኔ ደመወዝ ገና አልተከፈለም፣ መምህራኑ ግን ሰኔን ሙሉ ሠርተዋል። ስለዚህ የሁለቱም ወር ደመወዝ 130,000 ብር ይቆጠራል። ዕቃውን 30 ጥቅል በ3,200 ገዝተሽ የሰጠሽው 20 ነው፤ የ20ው ዋጋ 64,000 ወጪ ነው፣ አሥሩ መደርደሪያ ላይ ያለ ንብረት ነው። ድምሩ 254,000። ከ304,000 ሲቀነስ 50,000 ብር። ሂሳብ ሠራተኛችሁ ያለችው ይኸውልሽ።

ለወንድምሽ ግን ይህን ሁሉ ስሌት ብትልኪለት ላያምን ይችላል። ቁጥር በቁጥር ላይ ሲደራረብ ሰው ይጠራጠራል። እኔ ብሆን ሌላ ወረቀት ነው የምልክለት። ጥያቄው አንድ ብቻ ይሁን፦ ሰኔ 30 ማታ የማሰልጠኛውን በር ዘግተን ብንሄድ፣ ስንት ብር የሚያወጣ ትምህርትና ዕቃ ሳንሰጥ እንቀራለን?

የግንቦቶቹ 20 ሰልጣኞች ለሥልጠና ከከፈሉት 504,000 ገና ያልተማሩበት 336,000 ብር ነው። የሐምሌዎቹ 300,000 ነው። በድምሩ 636,000። ባንክ ያለው ስንት ነው? 559,000። ባንክ ያለው ብር ለሰልጣኞቹ ያለባችሁን ቃል እንኳ በሙሉ አይሸፍንም። የሰኔ ደመወዝ 65,000 ብር ዕዳም ከዚህ ውጭ ነው። ትርፉ በ50,000 ከዜሮ በላይ የሆነው ከባንክ ውጭ ሌላ ንብረት ስላላችሁ ነው፦ ቀድሞ የተከፈለ የአራት ወር ኪራይ 120,000፣ መደርደሪያ ላይ ያለ ዕቃ 32,000፣ ከድርጅቱ የሚጠበቅ የሁለት ወር ክፍያ 40,000። ደምሪና ቀንሺ፣ 50,000 ይወጣል። ሁለቱ መንገዶች አንድ ቦታ መድረሳቸው ስሌቱ ልክ መሆኑን ያረጋግጥልሻል። ካልተገናኙ የሆነ ቦታ አንድ ነገር ተረስቷል።

ይህን ያልተሠራበት ክፍያ የሂሳብ ሰዎች አንኧርንድ ሬቨንዩ ይሉታል፤ በሚዛን መግለጫው ላይ የሚቀመጠው በዕዳ በኩል ነው። ብዙ ባለሙያ ያልሆነ ሰው እዚህ ጋ ይደናገጣል። «ለማንም አልተበደርኩም፣ ዕዳ ከየት መጣ?» ይላል። የብር ዕዳ አይደለም፤ የሥራ ዕዳ ነው። የሚከፈለው በማስተማር ነው። ማስተማር ደግሞ ብር ይፈልጋል።

ምን ያህል ብር እንደሚፈልግ እንየው። የሰኔን ጨምሮ እስከ ጥቅምት የአምስት ወር ደመወዝ 325,000 ነው። ኪራዩ እስከ ጥቅምት ተከፍሏል። የሐምሌው ክፍል ግን እስከ ጥር አጋማሽ ይዘልቃል። ለዚያ ሁለት ወር ተኩል ኪራይና ደመወዝ በወር 95,000፣ በድምሩ 237,500 ይሄዳል። ሁለቱ ሲደመሩ 562,500 ብር። ባንክ ካለው በ3,500 ይበልጣል። ድርጅቱ ሐምሌ ላይ የሚከፍለው 120,000 ባይኖር፣ አንድም ሳትካፈሉ እንኳ አይደርስም ነበር። «አዲስ ሰልጣኞች ይመጣሉ» ይል ይሆናል ወንድምሽ። ይመጡ ይሆናል። እነሱ ግን የራሳቸውን ስድስት ወር ይዘው ነው የሚመጡት። በእነሱ ብር የትናንቱን ቃል መክፈል ከጀመራችሁ፣ መመዝገብ የቀነሰበት ወር ላይ ትቆማላችሁ።

ይህን የምልሽ አይቼው ነው። ወጣት ሳለሁ አንድ ማሰልጠኛ ውስጥ ሂሳብ እሠራ ነበር። ሰኔ ላይ ባለቤቶቹ ባንክ የነበረውን ተካፈሉ። እኔም ብሩን እንጂ ቃሉን የሚያሳይ መዝገብ አልያዝኩም ነበርና የማሳያቸው ነገር አጣሁ። ኅዳር ላይ መምህራን ደመወዝ ስላልተከፈላቸው መምጣት አቆሙ። ከፍለው የነበሩት ልጆች ደብተራቸውን ይዘው በር ላይ ቆመው ነበር። የእነዚያ ልጆች ፊት እስከ ዛሬ አይጠፋኝም።

መዝገቡ ከባድ አይደለም። በደብተርም በኤክሴልም ይሆናል። ለእያንዳንዱ ሰልጣኝ አንድ መስመር ስጪ። ስም፣ የከፈለችው፣ የዕቃው ድርሻ፣ የሥልጠናው ድርሻ፣ የጀመረችበት ቀን፣ የወር ድርሻ፣ እስከ ዛሬ የተገኘ፣ የቀረ። ብር በገባ ቀን ሂሳብ ሠራተኛችሁ ባንክን ዴቢት፣ ያልተሠራበትን ክፍያ ክሬዲት ታደርጋለች። ዕቃው በተሰጠ ቀን የዕቃውን ድርሻ፣ ወሩ ሲያልቅ ደግሞ የወሩን ድርሻ ከዚያ አውጥታ ወደ ገቢ ታዛውራለች። «የቀረ» የሚለው ዓምድ ድምር መዝገቡ ላይ ካለው ያልተሠራበት ክፍያ ጋር እኩል መሆን አለበት። በየወሩ መጨረሻ ይህን አንድ ነገር ብቻ አረጋግጪ።

ሰልጣኝ መሃል ላይ ብታቋርጥስ? በውላችሁ ላይ ይወሰናል። ቀሪውን ትመልሺላታለሽ ከተባለ፣ የቀረው ዓምድ ላይ ያለው ብር ለእሷ የሚመለስ ዕዳ ይሆናል። አይመለስም ከተባለና መብቷ በእርግጥ ካበቃ፣ የምታስተምሪያት ነገር ስለማይኖር የቀረው በዚያ ጊዜ ገቢ ይሆናል። «ሦስት ወር ዕረፍት ወስጄ እመለሳለሁ» ካለችሽ ግን አላቋረጠችም። ብሯ ባለበት ይቆያል።

የዕቃውን ዋጋ በተመለከተ አንድ ነገር ላስጠንቅቅሽ። ዕቃ ወዲያው ገቢ እንደሚሆን ያወቀ ሰው፣ ውሉ ላይ ዕቃውን 14,000፣ ሥልጠናውን 14,800 ብሎ መጻፍ ሊያምረው ይችላል። ድምሩ ያው ነው፣ ገቢው ግን ቶሎ የመጣ ይመስላል። አይሠራም። ድርሻው የሚለካው ዕቃው ለብቻው ቢሸጥ በሚያወጣው ዋጋ ነው። ያንኑ ጥቅል ገበያ ላይ በ4,800 ገደማ የምታገኚው ከሆነ ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ቁጥር አያድንም። ኦዲተር መጀመሪያ ከሚጠይቃቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነው።

ግብሩን በአጭሩ ልለፍ። በገቢ ግብር አዋጅ 979/2008 መሠረት ደረጃ «ሀ» ግብር ከፋይ መዝገቡን በፋይናንስ ሪፖርት ደረጃዎች መያዝ አለበት። አነስተኞቹ ቀለል ባለ መንገድ ይስተናገዳሉ። በየትኛው ደረጃ እንዳላችሁ ሂሳብ ሠራተኛችሁን ጠይቂ፤ ከዚያ በኋላ ዘንድሮ ካሽ፣ ከርሞ አክሩዋል እያሉ እንደፈለጉ መቀያየር አይቻልም። ደረሰኙ ግን ሌላ ነው። ብሩን በተቀበልሽ ቀን 30,000ውን በሙሉ ትቆርጫለሽ፤ ገና አልሠራሁበትም ብለሽ አታዘገዪውም። ስለዚህ የዓመቱ ደረሰኝ ድምርና የዓመቱ ገቢ አይገጥሙም። ልዩነቱን የሚያስረዳው ያ የሰልጣኞች ዝርዝር ነው። መርማሪ ሲመጣ የምታቀርቢው እሱን ነው፣ አትጣዪው።

አክሩዋል ያዝሽ ማለት ደግሞ ባንኩን መመልከት ትተዪያለሽ ማለት አይደለም። ድርጅቱ የሚከፍለው 120,000 በመዝገብ ላይ ገቢ ሆኖ ተጽፏል፤ ሐምሌ 5 ደመወዝ የምትከፍዪው ግን በመዝገብ ሳይሆን በብር ነው። ድርጅቱ ቢዘገይ ትርፍ እያለሽ እጅ ያጥርሻል። ስለዚህ ከገቢው ዝርዝር ጎን፣ በየትኛው ሳምንት ምን ይገባል ምን ይወጣል የሚል አንድ ገጽ ይኑርሽ። ድርጅቱን ሐምሌ 1 ቀን በደብዳቤ አስታውሺው፤ ለክፍያ የሚፈልገው ሰነድ ካለ ዛሬውኑ አዘጋጂለት።

ስለ መካፈሉ የምመክርሽ ይህን ነው። የድርጅቱ ብር ባንክ ሲገባ አካውንቱን እንደገና እዩት። የ50,000ውን ግብር ለይታችሁ አስቀምጡ። ከዚያ የቀረውን ትርፍ፣ እሱንም ብቻ፣ እኩል ተካፈሉ። ከጥር እስከ ሚያዝያ ያለው ትርፍም ካለ ሂሳብ ሠራተኛችሁ በዚሁ መንገድ ታውጣላችሁ፤ በድርጅቱ ክፍያ ውስጥ የእነዚያ ወራት ድርሻ 80,000 አለና። ለወንድምሽ 559,000 ያለበትን የባንክ መግለጫ ብቻውን አትላኪለት። ከሥሩ 636,000 ያለበትን የሰልጣኞች ዝርዝር አያይዢለት፣ ከዚያ ደውዪለትና መስመር በመስመር አብራችሁ አንብቡት።